ተቀባዩ ሳያነብ የሚያልፈው ኢሜይል

አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ አንድ አነስተኛ ድርጅት አለ እንበል። ለአንድ ሆቴል የግዢ ኃላፊ የመጀመሪያውን ኢሜይል ይጽፋል። ርዕሱ «አብሮ ስለመሥራት» ነው፤ ውስጡ ደግሞ እንዲህ ይላል፦

«በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እንደሚታወቀው ቡና የአገራችን ኢኮኖሚ ዋልታ ሲሆን ድርጅታችንም ጥራታቸውን የጠበቁ ምርቶችን በማቅረብ የደንበኞቹን ፍላጎት ለማርካት ሌት ተቀን እየሠራ ይገኛል። በመሆኑም ምናልባት ፍላጎቱ ካለዎትና ጊዜዎ የሚፈቅድ ከሆነ በጋራ ልንሠራባቸው በምንችልባቸው ሁኔታዎች ዙሪያ ለመወያየት ቀና ትብብርዎ እንዳይለየን እንጠይቃለን።»

ሰዋስዉ አልተሳተም፣ አክብሮቱም አልጎደለም። ግን ኃላፊዋ ስልኳን ስትከፍት የሚታያት የላኪው ስም፣ ርዕሱና የመጀመሪያው መስመር ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ሰላምታውና «ከላይ በርዕሱ» ተቀምጠዋል። ቡና የሚለው ቃል ገና አልደረሰም።

«ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የወረቀት ደብዳቤ ልማድ ነው። በመዝገብ ቤት በኩል፣ ቁጥርና ማኅተም ይዞ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገባ ደብዳቤ ዛሬም የራሱ ሥርዓት አለው፤ እሱን አክብሮ መጻፍ ይገባል። ለማያውቁን ሰው በምንልከው ኢሜይል ግን ርዕሱን አንባቢው አሁን አይቶታል። «እንደሚታወቀው» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ነገሩ ከታወቀ መናገር አያስፈልግም፣ ካልታወቀ ደግሞ ቃሉ እውነት አይደለም።

ከዚህ ደብዳቤ ትርፉን ቃል ሁሉ ስንሰርዝ የሚቀረው «ቡና እንሸጣለን፣ እንነጋገር» ብቻ ነው። ዋናው ችግር የሚገለጠው ያኔ ነው። ጸሐፊው ቡናው ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል ማቅረብ እንደሚችል፣ ከኃላፊዋ ምን እንደሚፈልግ አልጻፈም፤ ያማሩት ሐረጎች ይህን ጉድለት ሸፍነውለት ነበር። ስለዚህ ማሳጠር ብቻውን አይበቃም፣ በባዶው ቦታ መረጃ መግባት አለበት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከግርጌ ያለውን ስም አንስተን የተፎካካሪውን ብናስገባ ደብዳቤው ያው ሆኖ ከቀጠለ፣ ገና አልተጻፈም ማለት ነው።

እንደገና ሲጻፍ ርዕሱ «ለሆቴልዎ ትኩስ የተቆላ ቡና፣ ናሙና እናምጣ?» ይሆናል።

«ጤና ይስጥልኝ። የይርጋ ጨፌና የሲዳማ ቡና ቆልተን ለሆቴሎች እናቀርባለን። ትዕዛዝ በደረሰን በ2 ቀን ውስጥ እናደርሳለን፤ ዝቅተኛው ትዕዛዝ 5 ኪሎ ነው። እንዲቀምሱት ግማሽ ኪሎ ናሙና ሐሙስ ጠዋት ብናመጣልዎ ይመችዎታል? የዋጋ ዝርዝሩን አያይዘናል።»

አክብሮቱ የት ሄደ የሚል ሊኖር ይችላል። የትም አልሄደም። «ብናመጣልዎ ይመችዎታል» ውስጥ አለ፤ አማርኛ ክብርን በግሱ ላይ ስለሚያስቀምጥ ከፊት የሚደረደረው ልመና ሲነሳ ትሕትናው አብሮ አይነሳም። የሚነሳው ማመንታቱ ነው። «ምናልባት ፍላጎቱ ካለዎት» የሚል ጸሐፊ የእምቢታውን መንገድ ራሱ ጠርጎ ይሰጣል፤ ሐሙስን የጠቀሰው ግን በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ነው ያቀረበው።

የሙያ ቃላትን በጅምላ መሰረዝ ግን ስሕተት ይመስለኛል። ያው ድርጅት ውጭ አገር ላለ ቡና ቆዪ ሲጽፍ «የታጠበ» እና «ግሬድ 1» የሚሉትን፣ እንዲሁም የቅምሻ ነጥቡን ከ100 ስንት እንደሆነ መጻፍ ይኖርበታል፤ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ስፔሻሊቲ እንደሚባል ያ አንባቢ ያውቃል፣ በእሱም ዋጋ ይተምናል። ለሆቴሏ የግዢ ኃላፊ ግን የሚጠቅማት ቡናው መቼ እንደተቆላና በስንት ቀን እንደሚደርሳት ነው። «ሁለንተናዊ መፍትሔ» እና «ዘመኑ የሚጠይቀው አገልግሎት» ግን ከኋላቸው የሚለካ ነገር ስለሌለ ለሁለቱም አንባቢዎች አይጠቅሙም።

ጥርጣሬ እውነተኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የቡና ዋጋ ይለዋወጣልና «ዋጋው ሁልጊዜ ይኸው ነው» ብሎ መጻፍ ውሸት ነው። ታዲያ «ዋጋ ሊለወጥ ይችል ይሆናል» ከማለት «ይህ ዋጋ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጸናል» ማለት ይሻላል። ሁለቱም ዋጋው እንደማይዘልቅ ይናገራሉ፤ ሁለተኛው ግን ኃላፊዋ በጀቷን የምትሠራበት ቀን ይሰጣታል።

መልስ ካልመጣ በሳምንቱ የሚላከው ማስታወሻም «ቀደም ሲል የላክነውን ለማስታወስ ያህል፣ እንዳላስቸገርንዎ ተስፋ በማድረግ» ብሎ መጀመር የለበትም። «ሐሙስ ካልተመቸዎ ናሙናውን ሰኞ ጠዋት እናምጣልዎ?» ይበቃል።