የዶሜይን ስም ራስ-ሰር እድሳት

የዶሜይን ስም ራስ-ሰር እድሳት የአንድ ድረ ገጽ ስም የምዝገባ ጊዜ ሲያልቅ፣ መዝጋቢው ድርጅት ከባለቤቱ የባንክ ካርድ ክፍያ ወስዶ ምዝገባውን የሚያራዝምበት ቅንብር ነው።

ቅንብሩ ቢበራም የካርዱ ጊዜ ካለፈ ክፍያው አይፈጸምም፤ እድሳቱም ይቀራል። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ማርኬቶ ኩባንያ marketo.com የተባለውን ስሙን ሳያሳድስ በመቅረቱ የደንበኞቹ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። ኃላፊው ራስ-ሰር እድሳቱ እንዳልሠራ ገልጸዋል።

የ.com ስም መዝጋቢዎች ጊዜው ከማለቁ አንድ ወርና አንድ ሳምንት ገደማ ቀደም ብለው፣ ካለቀም በኋላ በ5 ቀናት ውስጥ ማስጠንቀቂያ መላክ አለባቸው። ሆኖም የባለቤቱ ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ ከሆነ፣ ስሙ ሲቋረጥ ኢሜይሉም ስለሚቋረጥ የመጨረሻው መልእክት አይደርስም። ስለዚህ ለመዝጋቢው የሚሰጠው አድራሻ በሌላ ዶሜይን ላይ ያለ መሆን አለበት።

ሌላው አሳሳች ነገር በይፋዊው መዝገብ የሚታየው ቀን ነው። የ.com ማዕከላዊ መዝገብ ጊዜው ያለፈበትን ስም ወዲያው በአንድ ዓመት ያራዝመዋል፤ መዝጋቢው ግን ክፍያ ካላገኘ በ45 ቀናት ውስጥ ሊሰርዘው ይችላል። ትክክለኛው ሁኔታ የሚታወቀው ወደ መዝጋቢው አካውንት ገብቶ የክፍያ ደረሰኝ በማየት ነው።

ስሙ ከተሰረዘ ሁኔታው redemptionPeriod ተብሎ ይታያል። ባለቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ተጨማሪ ክፍያ ከፍሎ ሊያስመልሰው ይችላል። ከዚያ በኋላ ያሉት 5 ቀናት pendingDelete ይባላሉ፤ በእነዚህ ቀናት ማስመለስ አይቻልም። ሲያበቁም ስሙን ቀድሞ የደረሰ ማንኛውም ሰው ያስመዘግበዋል።