ጋብቻ፣ ስም እና ፓስፖርት

በኢትዮጵያ ልማድ ሴት ልጅ ስታገባ መጠሪያዋ ከወይዘሪት ወደ ወይዘሮ ይሸጋገራል እንጂ ስሟ አይነካም። የራሷ፣ የአባቷና የአያቷ ስም ዕድሜዋን ሙሉ አብረዋት ይኖራሉ። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል አንዳንድ አካባቢዎች አማት ለአዲሷ ሙሽራ የምታወጣላት ስም አለ፤ ይህ ግን በቤትና በዘመድ መካከል የሚቀር መጠሪያ ነው፤ መታወቂያ ላይ አይወጣም። ምክንያቱ ከስሙ አሠራር ይመነጫል። ከሴቲቱ ስም ቀጥሎ የሚመጣው ስም የማን ልጅ እንደሆነች ይናገራል፤ ባል ማግባት ደግሞ የማን ልጅ መሆንን አይለውጥም። በአረቡ ዓለም ያሉ ሴቶችም በአብዛኛው ሲያገቡ የአባታቸውን ስም ይዘው ይቀጥላሉ።

በእንግሊዝና ከእርሷ ወግ በወረሱ አገሮች ግን ሁለተኛው ስም የአባት ስም ሳይሆን የቤተሰብ ስም ነው። ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ ይተላለፋል፤ ባል፣ ሚስትና ልጆችም በእርሱ ይጠራሉ። የድሮው የእንግሊዝ ሕግ ያገባችን ሴት ከባሏ የተለየች ባለመብት አድርጎ አይቆጥራትም ነበር። ንብረቷ ወደ ባሏ ይዞር ነበር፤ በራሷ ስም ውል መዋዋልም አትችልም ነበር። ስሟ በባሏ ስም መተካቱ የዚያ አስተሳሰብ አንዱ ገጽታ ነው። የንብረት ሕጉ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መሻሻል ቢጀምርም የስሙ ልማድ ሳይነቃነቅ ቀረ።

ለዚህ ልማድ አልገዛም ካሉት አሜሪካውያን መካከል በሰፊው የምትታወቀው ሉሲ ስቶን ናት። እ.ኤ.አ. በ1855 ስታገባ የራሷን ስም አልተወችም። በ1879 በማሳቹሴትስ ሴቶች በትምህርት ቤት ጉዳዮች ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ሲፈቀድ በባሏ ስም ካልሆነ አትመዘገቢም ተባለች፤ ስሟን ከመለወጥ ድምፅ ሳትሰጥ መቅረትን መረጠች። ፓስፖርት ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ ባልና ሚስት በአንድ ፓስፖርት ሲጓዙ የባል ስም ተጽፎ አጠገቡ «ከባለቤቱ ጋር» ይባል ነበር፤ የሚስቲቱ ስም ጭራሹን አይጠቀስም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሩት ሄል የተባለች ጋዜጠኛ በራሷ ስም ፓስፖርት ጠይቃ በባሏ ስም ሲሰጣት አልቀበልም አለች። የአሜሪካ መንግሥት አቋሙን ለውጦ ዶሪስ ፍላይሽማን የተባለችው ያገባች ሴት በተወለደችበት ስም ፓስፖርት ያገኘችው በ1925 ነው።

የሌሎች አገሮች መንገድ የተለያየ ነው። በስፔን ሰው ሁሉ ከአባቱና ከእናቱ የወረሳቸው ሁለት የቤተሰብ ስሞች ስላሉት ጋብቻ ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይቀንስም። በካናዳዋ ክፍለ ግዛት ኩቤክ ከ1981 ጀምሮ፣ በግሪክም ከ1983 ጀምሮ ሕጉ ሴት ካገባችም በኋላ በተወለደችበት ስም እንድትጠራ ያዛል። በፈረንሳይ ሕጋዊው ስም የልደት ስም ነው፤ የባል ስም ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የሚውል ተጨማሪ ስለሆነ፣ ባለቤቷ ከፈለገች በፓስፖርቷ ላይ ከልደት ስሟ ጋር አብሮ ይጻፍላታል።

በጃፓን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። በ1876 የወጣ የመንግሥት ትእዛዝ ያገባች ሴት የአባቷን ቤት ስም ይዛ እንድትቀጥል ያዝ ነበር። ባልና ሚስት በአንድ የቤተሰብ ስም እንዲጠሩ የተደነገገው በ1898ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ዛሬም ሕጉ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ ያስገድዳል፤ በተግባር ግን ከ100 ጥንዶች ከ90 በላይ የሚሆኑት የሚመርጡት የባልን ስም ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2015 እና በ2021 ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ አይቃረንም ብሏል። በቀድሞ ስሟ መጽሐፍ ያሳተመች ወይም በሙያዋ የታወቀች ሴት አመልክታ የቀድሞውን ስም በፓስፖርቷ ላይ በቅንፍ ማስጻፍ ትችላለች። በቅንፍ የገባው ስም ግን ዓይን የሚያየው ብቻ ነው፤ በማሽን በሚነበበው መስመርም ሆነ በውስጡ ባለው ቺፕ አይገባም። ስለዚህ ትኬቱም ቪዛውም የሚቆረጠው በባሏ ስም ነው።

ይህ በማሽን የሚነበብ መስመር የአገሮች የስም ልማድ ሁሉ ተጨምቆ የሚገባበት ጠባብ ቦታ ነው። ቅርጹን የወሰነው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሲሆን በሁሉም አገር ፓስፖርት አንድ ዓይነት ነው። ከፎቶው ገጽ ግርጌ ሁለት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 44 ፊደል ይይዛሉ። ስም የሚጻፈው በላይኛው መስመር ላይ፣ ከመጀመሪያዎቹ 5 ፊደላት በኋላ ነው። ስሙም በሁለት ብቻ ይከፈላል፤ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የግል ስም። የቤተሰብ ስም የሌለው ኢትዮጵያዊ እዚህ ላይ መላ ያስፈልገዋል፤ የተለመደው መላ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ፣ የራስና የአባት ስም ደግሞ በግል ስም ቦታ መግባታቸው ነው። አልማዝ ተስፋዬ ከበደ የምትባል ሴት ብትኖር መስመሯ እንዲህ ይሆናል፦

```
P<ETHKEBEDE<<ALMAZ<TESFAYE<<<<<<<<<<<<<<<<<<
```

ድርቡ ምልክት የቤተሰብ ስሙ ያበቃበትን ያሳያል፤ ነጠላው በስሞች መካከል ያለውን ክፍተት ይተካል። ማሽኑ ይህን አንብቦ የሚያውቃት ከበደ በሚባል ቤተሰብ ስም ነው። የውጭ አገር ሠራተኛ «ወይዘሮ ከበደ» ብሎ ሲጠራት ባሏ አቶ ከበደ እንደሆነ ይገምታል፤ ከበደ ግን አያቷ ነው። በአውሮፕላን ትኬት ላይ ደግሞ የራሷና የአባቷ ስም ተጋጥመው፣ መጨረሻቸው ላይ MRS ተለጥፎ ሊወጡ ይችላሉ። ይህ የስም ስህተት አይደለም፤ MRS ማዕረግ ብቻ ስለሆነ በፓስፖርቱ ላይ አይፈለግም። መታየት ያለበት ሌላው ፊደል አንድ በአንድ ከፓስፖርቱ ጋር መግጠሙ ነው።

አልማዝ ዳዊት ኃይሌ መንግሥቱን አግብታ ሩት የምትባል ልጅ ወለዱ እንበል። የዳዊት የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚመዘገበው መንግሥቱ ነው፤ የአልማዝ ከበደ ነው። ልጅቷ ሩት ዳዊት ኃይሌ ስለምትባል የእርሷ ደግሞ ኃይሌ ይሆናል። አባት፣ እናትና ልጅ በአንድ ሰልፍ ቆመው ሦስት የቤተሰብ ስም ይዘዋል፤ ማንም የማንም ዘመድ አይመስልም። በኢትዮጵያውያን ዓይን ሦስቱም ስሞች ልክ ናቸው። ለማያውቅ የድንበር ሠራተኛ ግን ሕፃኗ የማን እንደሆነች መጠየቅ ግዴታው ነው። ለምሳሌ የብሪታኒያ መንግሥት የቤተሰብ ስሟ ከልጇ የተለየ እናት የልጁን የልደት የምስክር ወረቀት ብትይዝ መልካም መሆኑን ያሳስባል። ለአልማዝም ሁነኛው መልስ የሁለቱም ወላጆች ስም የሰፈረበት፣ በእንግሊዝኛም የሚነበብ የሩት የልደት የምስክር ወረቀት ነው። አባትየው ካልተጓዘ የፈቃድ ደብዳቤው ቢታከልበት ይመረጣል።

ችግሩ የሚወሳሰበው አልማዝ በአሜሪካ እየኖረች የአገሩን ልማድ ለመከተል ስትወስን ነው። የጋብቻ የምስክር ወረቀቷን ይዛ በመጀመሪያ ወደ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቢሮ ትሄዳለች፤ እዚያ ስሟ አልማዝ መንግሥቱ ተብሎ ይለወጣል። መንጃ ፈቃዷ ይከተላል፤ ግሪን ካርዷንም አመልክታና ከፍላ ታስለውጣለች። የኢትዮጵያ ፓስፖርቷ ግን እንደነበረ ነው። የወሰደችው ስም የባሏ አባት ስም እንኳ አይደለም፣ የባሏ አያት ስም ነው። አገር ቤት ላለ ዘመድ አልማዝ መንግሥቱ ማለት የመንግሥቱ ልጅ ማለት ስለሆነ፣ የባሏ አክስት አድርጎ ቢገምታት አይፈረድበትም።

ይህች ሴት ለገና አዲስ አበባ ደርሳ ልትመለስ ስትል ትኬቷን በየትኛው ስም ትቁረጥ? መቁረጥ ያለባት በፓስፖርቷ ስም ነው፤ አየር መንገዱ ወደ ድንበር ባለሥልጣናት የሚልከው መረጃ ከፓስፖርቱ የሚነበበው ስለሆነ። በመንጃ ፈቃዷ ስም ከቆረጠች ሲሄድም ሲመለስም መሰናክል ይገጥማታል፤ ስህተቱን በጊዜ ለማወቅ ክፍያው እንዳለቀ የሚላከውን ማረጋገጫ ከፓስፖርቱ ጋር ማመሳከር ይበቃል። ትኬቱ ልክ ቢሆንም በቦሌ በኩል ስትመለስ የአየር መንገዱ ሠራተኛ በአንድ እጁ ከበደ የሚል ፓስፖርት፣ በሌላው መንግሥቱ የሚል ግሪን ካርድ ይይዛል። ሁለቱን የሚያገናኘው የጋብቻው የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። በሻንጣ ውስጥ ተቆልፎ ከተጫነ እንዳልተያዘ ይቆጠራልና በእጅ ቦርሳ መሆን አለበት።

የአሜሪካ ዜግነት ለማግኘት ስታመለክት ቅጹ ስም መለወጥ ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቃታል፤ ወደ ቀድሞው ስም ለመመለስም የሚመች አጋጣሚ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ካወጣች በኋላ ስሟን በጋብቻ ብትለውጥ፣ ፓስፖርቱ ከወጣ አንድ ዓመት ካልሞላው ያለ መደበኛ ክፍያ ይታደስላታል፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ማንኛውም እድሳት ትከፍላለች። በብሪታኒያ ደግሞ ሙሽሪት ከሠርጉ እስከ 3 ወር አስቀድማ በአዲሱ ስም ፓስፖርት ማውጣት ትችላለች። አዲሱ ግን ከሠርጉ ቀን በፊት አይሠራም፣ አሮጌውም ይሰረዛል፤ በመካከሉ ጉዞ ያላት ሴት በዚህ መንገድ መሄድ የለባትም። ለጫጉላ ጉዞ ቪዛ ከሚጠይቁ አገሮች አንዳንዶቹም ቀኑ ባልደረሰ ፓስፖርት ላይ ቪዛ አይሰጡም።

የተለወጠ ስም ዳፋው ከዓመታት በኋላም ይመጣል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የምትጠይቅ ሴት ትውልዷን የምታስረዳው በአሮጌው ፓስፖርት ወይም በልደት የምስክር ወረቀት ነው፤ እነዚያ ላይ ያለው ከበደ በአሜሪካ ፓስፖርቷ ላይ ካለው መንግሥቱ ጋር በሰነድ መያያዝ አለበት። ተፋትታ ዳግመኛ ያገባች ከሆነ አንድ የጋብቻ ወረቀት አይበቃም። የመጀመሪያው ጋብቻ፣ ፍቺው፣ ሁለተኛው ጋብቻ፣ እያንዳንዱ ስም ወደሚቀጥለው የተሸጋገረበት ወረቀት በተርታ ይፈለጋል፤ ከመካከል አንዱ ከጎደለ ምትኩ የሚገኘው ጋብቻው ወይም ፍቺው ከተመዘገበበት ቢሮ ወይም ፍርድ ቤት ነው።