ከፋይናል በፊት ጣሪያውና ወለሉ

የፋይናል ሰሞን በካምፓስ ውስጥ በብዛት የሚሰማው ጥያቄ «ስንት ባመጣ ቢ ይሰጠኛል?» የሚለው ነው። መልሱ በአንድ ቅዳጅ ወረቀት ላይ ይገኛል።

አንድ ተማሪ ከኩዊዝ 10 ውስጥ 7፣ ከሚድ 20 ውስጥ 13፣ ከአሳይመንት 10 ውስጥ 9 አግኝቷል እንበል። የ10 ነጥብ ፕሮጀክት ገና አልታረመለትም፤ ፋይናሉ ከ50 ይያዛል። በእጁ ያለው 29 ነው። ከዚህ በኋላ ምንም ባያገኝ እዚያው 29 ላይ ይቀራል፤ ሁሉንም ቢደፍን ደግሞ 89 ይደርሳል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በሚሠሩበት ስኬል ኤ ፕላስ ከ90 ስለሚጀምር፣ ፈተናው ሳይመጣ ኤ ፕላስ አምልጦታል ማለት ነው። ፕሮጀክቱ ታርሞ 8 ሲሰጠው ወለሉ ወደ 37 ይወጣል፣ ጣሪያው ወደ 87 ይወርዳል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ስፋት ምንጊዜም ካልተያዘው ነጥብ ጋር እኩል ነው፤ እዚህ ላይ 50 ነው። ካልሆነ ስሌቱ የሆነ ቦታ ተሳስቷል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ጥሬውን ውጤት ሲደምሩ ነው። ሚዱ ከ40 ታርሞ 26 ቢያመጣ፣ የሚደመረው ወደ 20 የተቀየረው 13 ብቻ ነው። ሌላው ስህተት «ከ50 ነጥብ 37 ይዣለሁ፣ ይህ 74 ከመቶ ነው፣ ስለዚህ ቢ አለኝ» ማለት ነው። ቢው የሚመጣው ፋይናሉም በዚያው መጠን ከተሠራ ብቻ ነው። ልጁ አሁን በእርግጥ ያለው 37 ነው፣ በስኬሉ ደግሞ 40 ያልሞላ አያልፍም።

እርግጥ 37ም 87ም የሚሆንበት ዕድል ጠባብ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ጫፎች ውስጥ ሌላ ጠበብ ያለ ክልል ማውጣት ይበጃል። እስካሁን በሠራበት ሁኔታ ፋይናሉን በክፉ ቀን 30፣ በደህና ቀን 42 ያመጣል ብንል፣ ድምሩ ከ67 እስከ 79 ይሆናል፤ ከቢ ማይነስ እስከ ቢ ፕላስ። ለቢ 33፣ ለቢ ፕላስ 38፣ ለኤ ማይነስ 43 ያስፈልገዋል። በእኔ እምነት በጥናት ሰዓት ማየት ያለበት 38ን ነው፤ ኤ ማይነስ ከደህና ቀኑም በላይ አንድ ነጥብ ይጠይቀዋል። በሌላ ኮርስ 46 ከያዘ ግን ኤ ፕላስ ለማግኘት 44 ይበቃዋል፤ ተጨማሪዋን ሌሊት ለየትኛው ኮርስ እንደሚሰጥ የሚወስነው እንዲህ ሲያነጻጽር ነው።

ስሌቱ የሚሠራው መምህሩ ቋሚ ስኬል ከተጠቀመ ነው። ተማሪውን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር አወዳድሮ ግሬድ የሚሰጥ ከሆነ፣ ከ37 እስከ 87 የሚለው ነጥብ እውነት ሆኖ ይቆያል፣ ፊደሉን ግን የሌሎቹ ውጤት ሳይታወቅ መገመት አይቻልም። ፋይናል ላይ ለብቻው ዝቅተኛ ነጥብ የሚጠይቅ መምህርም ካለ፣ ያ ደንብ በኮርስ አውትላይኑ ላይ ስለሚሰፍር ቀድሞ እሱን ማየት ነው።