ተጨማሪ መረጃ፦ መሠረታዊው ደመወዝ ስንት ነው?

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለአንድ ኩባንያ ሠራተኛ የቀረበ ውል «በወር 1,500 ድርሃም» ቢል፣ ከመፈረም በፊት ከዚህ ውስጥ መሠረታዊ ደመወዙ ስንት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። መሠረታዊ ደመወዝ የሚባለው የቤት፣ የትራንስፖርትና የመሳሰሉት አበሎች ሳይጨመሩ የሚከፈለው ነው። «በየወሩ እጄ የሚገባው ያው ከሆነ፣ መከፋፈሉ ምን ለውጥ አለው?» የሚል አይጠፋም። ለውጡ የሚታየው ሥራው ሲያበቃ ነው። የአገሪቱ የሥራ ሕግ ቢያንስ አንድ ዓመት ላገለገለ የውጭ አገር ሠራተኛ፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ የስንብት ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። መሠረታዊው 900 ከሆነ ለአንድ ዓመት 630 ድርሃም ይታሰብለታል፤ ሙሉው 1,500 መሠረታዊ ቢሆን ግን 1,050 ነው። የቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ ይህ ስሌት እነርሱን አይመለከትም። መሠረታዊው 1,200 ቢሆን የሦስት ዓመቱ ስንት ይሆናል? ወሩን 30 ቀን አድርጋችሁ አስሉ።