ተጨማሪ መረጃ፦ ጠርዙን የሚደብቀው ስፌት

የጂንስ ሱሪያችሁን ገልብጡና በእግሮቹ መካከል የሚወርደውን ስፌት ተመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ የተተረተረ ክር የለውም። ይህ ጠፍጣፋ እጥፍ ስፌት ነው፤ አንዱ ጠርዝ ሌላውን አቅፎ ሁለቱም ውስጥ ይደበቃሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፊቱንና የኋላውን ጨርቅ የውስጥ ገጻቸውን አገናኝታችሁ ከጠርዙ 1.5 ሳንቲሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ። የኋላውን ጨርቅ ትርፍ ብቻ 0.5 ሳንቲሜትር እስኪቀረው ቁረጡ። የፊቱን ሰፊ ትርፍ በአጭሩ ላይ አጥፋችሁ ወደ ኋላው ጨርቅ አስተኙና በካውያ ተኩሱት፤ ካውያውን ከዘለላችሁት እጥፉ ይጣመማል። ከዚያ ከእጥፉ ጫፍ 2 ሚሊሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ።

በቁርጥራጭ ጨርቅ ሞክሩት። በውጪ ሁለት፣ በውስጥ አንድ የስፌት መስመር ከታየ በትክክል ሠርታችኋል።