ቢራቢሮና ቡችላ፦ ዲስሌክሲያ ላለባቸው ልጆች የተስተካከለ አንድ የንባብ ትምህርት

ዲስሌክሲያ ቃላትን በትክክልና በፍጥነት ማንበብን አዳጋች የሚያደርግ የመማር ችግር ነው። ከስንፍና ወይም ከማሰብ ችሎታ ማነስ የሚመጣ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ልጁን የሚያስቸግረው የሚሰማውን ቃል በድምፅ ከፋፍሎ እያንዳንዱን ድምፅ ከፊደሉ ጋር ማያያዝ ነው። በአማርኛ ይህ ችግር ጎልቶ የሚወጣው በፊደል ገበታው ላይ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲረቡ 231 ቅርፆች ይሆናሉ፤ ብዙዎቹንም የምትለያቸው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። የ«ቡ» ጭረት ከወገቡ ላይ፣ የ«ቢ» ደግሞ ከእግሩ ሥር ትወጣለች።

65 ልጆች በአንድ ክፍል፣ ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ በሚቀመጡበት የ2ኛ ክፍል ትምህርት የተለመደው አካሄድ መምህሯ ከሰሌዳው እያነበበች ተማሪዎቹ በኅብረት እንዲከተሏት ማድረግ ነው። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ተደብቆ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩን በጆሮው ይዞ ከጓደኞቹ ጋር እኩል ይጮኻል፤ ከታች ወደ ላይ አንብብ ሲባል ግን ቃሉ ይጠፋበታል።

የዕለቱ ምንባብ ይህ ነው እንበል፦ «ቢራቢሮ አበባ ላይ አረፈች። ቡችላው ቢራቢሮዋን አየ። ቀስ ብሎ ተጠጋ። ቢራቢሮዋ በረረች።» ምንባቡን መቀየር አያስፈልግም። የሚቀየረው ወደ እሱ የሚገባበት መንገድ ነው።

ከ40 ደቂቃው የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ያለ ጽሑፍ ያልፋሉ። ልጆቹ ሰሌዳውን ሳያዩ «ቢራቢሮ»ን እያጨበጨቡ ይከፋፍሉታል፦ ቢ፣ ራ፣ ቢ፣ ሮ። አራት ጭብጨባ፣ አራት ፊደል። ይህ ቃል የሚቀድመው ድምፁና ጽሕፈቱ ልክ ለልክ ስለሚገጥሙ ነው። «ቀስ» ግን ሲነገር በአንድ ጭብጨባ ያልቃል፤ ሲጻፍ ሁለት ፊደል ነው። ሳድሱ «ስ» አናባቢው ሳይሰማ ከ«ቀ» ጋር ይዋሃዳልና ልጁ አንድ ፊደል ቢዘል አያስገርምም። ልዩነቱ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ቀጥሎ መምህሯ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ»ን በትልቁ ትጽፋለች። የፊደሉን አካል በነጭ ጠመኔ፣ የሚለየውን ምልክት በቀለም ጠመኔ ታደርገዋለች፤ ባለ ቀለም ከሌለ በነጩ ደጋግማ ታወፍረዋለች። ልጆቹ ድምፁን እያወጡ ቅርፁን በጣታቸው ዴስኩ ላይ ይጽፋሉ። አራት ቅርፅ ለአንድ ቀን ይበቃል። ገበታውን ሙሉ ማስደገም ለዚህ ልጅ ምንም አያደርግለትም።

ከዚያ በኋላ ንባቡ በየዴስኩ ይሆናል። አሮጌ ካርቶን በመስመር ስፋት ተቀዶ ለየዴስኩ አንድ ይሰጣል፤ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ በገለበጡት ምንባብ ላይ ከሚነበበው መስመር በታች ይይዙታል። የሚቸገረው ልጅ አራቱን ዓረፍተ ነገር መገልበጥ የለበትም፤ አንዱ ይበቃዋል፣ የቀረውን ከጓደኛው ደብተር ያነባል። ደካማ የሚባሉትን ለይቶ አንድ ዴስክ ላይ ማስቀመጥ ትልቅ ስህተት ነው፤ ያለ ረዳት ያስቀራቸዋል፣ ስምም ያወጣባቸዋል። መምህሯ በዚህ ጊዜ ሁሉንም ለመስማት አትሞክር። ሁለት ልጆች ዘንድ ቁጭ ብላ በደንብ ብትሰማቸው ይሻላል፤ ነገ ደግሞ ሌሎች ሁለት።

የመረዳት ጥያቄዎች በቃል ይቅረቡ። ቡችላው ለምን ቀስ እንዳለ አሳምሮ የሚናገር ልጅ ታሪኩ ገብቶታል፤ የቸገረው ፊደሉ ነው።

ትምህርቱ መሥራቱ የሚታወቀው ልጁ በቃሉ ሊይዘው በማይችለው ነገር ነው። ለዚህ አምስት ቃላት ይበቃሉ፦ በላ፣ ቡላ፣ ቢላ፣ ባላ፣ ብላ። የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ስለሆነ በግምት አያስኬዱም። ሁሉንም «በላ» የሚል ልጅ ምልክቱን አላየም። «ቡላ»ንና «ቢላ»ን ብቻ የሚያምታታ ከሆነ የነገው ሥራ የጭረቷ ቦታ ነው። ሁሉንም በትክክል አንብቦ ረጅም ጊዜ ከወሰደበት ደግሞ የሚያስፈልገው አዲስ ፊደል ሳይሆን ያንኑ ደጋግሞ ማንበብ ነው። መምህሯ በስሙ ትይዩ አንድ ቃል ብትጽፍ ለነገው ትምህርት መነሻ ይሆናታል።

ይህ ሁሉ ዲስሌክሲያን አያድንም፤ ልጁ ከሌሎቹ ዘግይቶ ማንበቡ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። መምህርም በዚህ ብቻ «ዲስሌክሲያ ነው» ብሎ መደምደም አይችልም። አስቀድሞ የልጁ ዓይንና ጆሮ ይመርመር፤ ቤቱ የሚነገረው ቋንቋ አማርኛ መሆኑም ይጠየቅ። እስከዚያው ግን ሳይዘጋጅ ክፍሉ ፊት ቆሞ እንዲያነብ አይደረግ፤ ተራው የሚደርስ ከሆነ የሚያነበው ዓረፍተ ነገር ከአንድ ቀን በፊት ይነገረው።