መቼ ነው የፈረሙት?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 2007 ቡካሬስት ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ቢሮ አንድ ወረቀት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። የተጻፈው ከሳምንት በፊት፣ ክሉዥ ከተማ ባለው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሠራተኛው ሁሉ አንብቦ እንዲፈርምበት ታዟል። መንፈሱን በአገራችን ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ወደ ሥራ የምትመጡት ለሥራ ነው፣ የድርጅቱን ኢንተርኔት፣ ስልክና ፋክስ ለግል ጉዳያችሁ አታውሉ ይላል። ነገሩ ጠንከር እንዲል ደግሞ አንዲት ባልደረባ ኢንተርኔቱን፣ ስልኩንና ፎቶ ኮፒውን ደጋግማ ለራሷ በመጠቀሟ መሰናበቷን ያስታውሳል።

ያ ማስታወሻ አሥር ዓመት አከራከረ።

ወረቀቱ ከደረሳቸው መካከል በሽያጭ ክፍል የሚሠራ አንድ መሐንዲስ ነበር። የደንበኞችን ጥያቄ እንዲመልስበት በአለቆቹ ትእዛዝ ያሁ ሜሴንጀር ላይ አካውንት ከፍቷል። ድርጅቱም ከጁላይ 5 ጀምሮ በዚያ አካውንት የሚጻጻፈውን ይመዘግብ ጀመር። ጁላይ 13 ከቀኑ 10 ሰዓት ከ30 ላይ ተጠርቶ አካውንቱን ለግል ጉዳይ እንደተጠቀመበት ተነገረው። እሱም ለሥራ ብቻ ነው የተጠቀምኩበት ሲል በጽሑፍ መለሰ። ሃምሳ ደቂቃ ቆይቶ፣ 11 ሰዓት ከ20 ላይ፣ ዳግም ተጠራና 45 ገጽ ወረቀት ፊቱ ተቀመጠ። ከወንድሙና ከእጮኛው ጋር የተጻጻፈው ቃል በቃል ተገልብጧል፤ ስለ ጤናውና ስለ መኝታ ቤት ምስጢሩ የተባለው ሳይቀር። ኦገስት 1 ቀን ተባረረ።

ሰውየው ዋሽቷል። እኔም አለቃው ብሆን እናደድ ነበር። የሩማንያ ፍርድ ቤቶችም በሁለት ደረጃ አይተው ድርጅቱ ልክ ነው አሉ። ጉዳዩ ስትራስቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄደ፤ እዚያም በጃንዋሪ 2016 በስድስት ድምፅ ለአንድ ተረታ። ይግባኙን የሰማው ታላቁ ችሎት ግን ሴፕቴምበር 5 ቀን 2017 በ11 ድምፅ ለ6 ውሳኔውን ገለበጠው። የባርቡሌስኩ ጉዳይ እየተባለ የሚጠቀሰው ይህ ነው።

ችሎቱ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት እንዳሻው ይጫወት አላለም። ድርጅት ደንብ ማውጣት ይችላል፣ ደንቡ መከበሩንም መከታተል ይችላል። ጥፋቱን ያገኘው የሩማንያ ፍርድ ቤቶች ሳይጠይቁ ባለፏቸው ነገሮች ላይ ነው። ለግል መጠቀም መከልከሉን ሰውየው ያውቃል፤ ነገር ግን የሚጽፈው ሁሉ እየተቀዳ እንደሚነበብ አስቀድሞ ተነግሮታል ወይ? የጁላይ 3ቱ ወረቀት አሠሪው ሥራን የመቆጣጠር ኃላፊነት እንዳለበት ይጠቅሳል፤ በምን መንገድና እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ግን አይናገርም። የድርጅቱን ሥጋት ለማስወገድ መልእክቱን ከማንበብ ያነሰ መንገድ አልነበረም ወይ? የሚለውም አልተመረመረም።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ የቀን ነገር ነው። ሰውየው ማስታወሻው ላይ ፈርሟል። የፈረመው ግን ከጁላይ 3 እስከ 13 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ከመባል በቀር ቀኑ በትክክል አይታወቅም። ክትትሉ የጀመረው ደግሞ ጁላይ 5 ነው። አራተኛው ቀን ላይ ፈርሞ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ አሥረኛው ቀን ላይ ከሆነ ማስታወሻውን ሳያይ ነው መልእክቱ የተነበበው።

ወደ እኛ ቢሮ ልምጣ። ኢንተርኔት ሲንቀረፈፍና የኢሜይል ሳጥን ሲጨናነቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን ደብዳቤ በቃሌ ልወጣው ምንም አይቀረኝም፦ «አንዳንድ ሠራተኞች የመሥሪያ ቤቱን ኢንተርኔትና ኢሜይል ላልተገባ ዓላማ የሚጠቀሙ መሆኑ የተደረሰበት ስለሆነ፣ ከዚህ ድርጊት እንድትቆጠቡ እያሳሰብን፣ ይህን ተላልፎ በተገኘ ሠራተኛ ላይ አስተዳደራዊ እርምጃ የምንወስድ መሆኑን እናሳውቃለን።» ማኅተም፣ ፊርማ፣ ግልባጭ።

«አንዳንድ ሠራተኞች» ሲባል እያንዳንዱ ሰው የሚያስበው የጎረቤቱን ጠረጴዛ ነው። «ያልተገባ ዓላማ» ምንድን ነው? በምሳ ሰዓት የባንክ ሒሳብን ማየት ያልተገባ ነው? የልጅን ትምህርት ቤት በሥራ ኢሜይል ማናገርስ? «ተላልፎ በተገኘ» የሚለው ደግሞ በምን መንገድ እንደሚገኝ አይናገርም። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በተለጠፈበት ቢሮ ስሠራ፣ ለሦስት ቀን ያህል ሁሉም ስልኩን ከዋይፋዩ አላቀቀ፤ በአራተኛው ቀን ኔቱ እንደ ወትሮው ሆነ።

ከማስታወሻው በፊት የሚቀድመው ችግሩን መለካት ነው። 40 ሰው የሚሠራበት ቢሮ 20 ሜጋ ቢት በሰከንድ የሆነ መስመር አለው እንበል። ጥራቱ ከፍ ያለ አንድ ቪዲዮ በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት ገደማ ይወስዳል። አራት ሰው ኳስ ወይም ድራማ ከከፈተ መስመሩ ሞላ፤ የተቀሩት 36 ሰዎች አንድ ደብዳቤ ለመላክ ይጠባበቃሉ። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚበር ኢንተርኔት አራት ሰዓት ላይ ከተኛ፣ ምሳ ላይ ወይም ቅዳሜ ደግሞ ከነቃ፣ ጥፋቱ የቴሌ ላይሆን ይችላል። የአይቲ ባለሙያው ራውተሩ ወይም ፋየርዎሉ ላይ የትኛው መሣሪያ፣ በስንት ሰዓት፣ ወደ የትኛው ድረ ገጽ ሄዶ ምን ያህል ዳታ እንደወሰደ ማየት ይችላል። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚመሰጠር በመሆኑ ሰውየው ገጹ ውስጥ ምን እንደጻፈ ከዚህ መዝገብ አይታይም። መታየትም የለበትም፤ መስመሩን የዘጋው ቪዲዮ መሆኑን ለማወቅ የማንንም መልእክት ማንበብ አያስፈልግም። የቡካሬስቱ ድርጅት ይህን ቢያደርግ ኖሮ 45 ገጽ ባላተመ ነበር።

የኢሜይሉም እንደዚሁ ነው። አንድ ሠራተኛ 5 ሜጋ ባይት የሆነ የሠርግ ጥሪ «ለሁሉም» በሚለው የጋራ አድራሻ ለ180 ሰው ሲልክ፣ ሰርቨሩ ለየሳጥኑ ቅጂ የሚያስቀምጥ ከሆነ 900 ሜጋ ባይት በአንድ ጠቅታ ተሞላ ማለት ነው። እዚያ ላይ «እንኳን ደስ አላችሁ» እያለ ለሁሉም የሚመልሰው ሲጨመር አስቡት። ይህ ግን ቢበዛ ያበሳጫል። የባሰው በሥራ ኢሜይል የስፖርት ውርርድ ወይም የገበያ ድረ ገጽ ላይ መመዝገብ ነው። ያ ድረ ገጽ የተሰበረ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ከነይለፍ ቃሉ ሊወጣ ይችላል፤ ሠራተኛው ለሁለቱም አንድ ይለፍ ቃል ከተጠቀመ ደግሞ የቢሮው በር ተከፈተ።

እንግዲህ ማስታወሻው እንዲህ ቢጻፍስ? «ባለፉት አራት ሳምንታት በሥራ ሰዓት ከኢንተርኔት መስመራችን ከግማሽ በላይ የዋለው ለቪዲዮ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት፣ ከሰዓት ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ለሥራ ያልሆነ ቪዲዮ አይከፈትም። በምሳ ሰዓት አጭር የግል ጉዳይን መፈጸም ይቻላል። በሥራ ኢሜይል ከሥራ ውጪ በሆነ ድረ ገጽ ላይ መመዝገብና የድርጅቱን ሰነድ ወደ ግል ኢሜይል መላክ ክልክል ነው። የአይቲ ክፍል የተጎበኙ ድረ ገጾችን ስም፣ ሰዓቱንና የዳታውን መጠን ይመዘግባል፤ መዝገቡን ለሦስት ወር ያቆያል። የመልእክት ይዘት አያነብም። በከባድ ጥፋት ጥርጣሬ የሥራ ኢሜይል መከፈት ካለበት፣ በሥራ አስኪያጁ የጽሑፍ ትእዛዝና ሠራተኛው ባለበት ይከፈታል።» ሰዓቱንና ወሩን እያንዳንዱ ቤት እንደሚስማማው ይለውጠው። የተሰናበተን ባልደረባ ለማስፈራሪያ መጥቀስ ግን ይቅር፤ የጁላይ 3ቱን ወረቀት ከሁሉ በላይ ያስጠላኝ እሱ ነው።

«የእኔ ኮምፒዩተር፣ የእኔ ኢንተርኔት፣ ያሻኝን አያለሁ» የሚል አሠሪ የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ያንብብ። ሰው በደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር ይደነግጋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። ቸልተኛ አሠሪም ያለ ሥጋት አይደለም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ጥፋት መፈጸሙን ካወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይቀራል። ወራት ሙሉ እያየ ዝም ብሎ፣ በተጣላ ዕለት የድሮ መዝገብ ማውጣት አያዋጣውም።

በውጭ ላሉ አንባቢዎችም ነገሩ እንደየአገሩ ይለያል። በኒውዮርክ ግዛት ከሜይ 7 ቀን 2022 ጀምሮ የሠራተኛውን ኢሜይልና ኢንተርኔት የሚከታተል የግል አሠሪ ሠራተኛውን ሲቀጥር በጽሑፍ ማሳወቅና ማረጋገጫ መቀበል አለበት። በእስራኤል የብሔራዊ የሥራ ፍርድ ቤት በ2011 ለሥራ ብቻ የተሰጠን የኢሜይል ሳጥን ከሠራተኛው የግል ሳጥን ለይቶ፣ የግሉን ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አሠሪው እንዳይነካ ከልክሏል።

የቡካሬስቱ መሐንዲስ ስትራስቡርግ ሲረታ ለሞራል ጉዳቱ ገንዘብ አልተወሰነለትም፤ የተፈረደለት የወጪ መተኪያ 1,365 ዩሮ ብቻ ነው። እርስዎም ነገ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ጠረጴዛዎ ላይ ቢመጣ፣ ምን እንደሚመዘገብና ማን እንደሚያየው መጻፉን ይመልከቱ፤ ካልተጻፈ ይጠይቁ። ሲፈርሙ ደግሞ ከስምዎ አጠገብ ቀኑን በራስዎ እጅ ይጻፉበት፤ ቅጂውንም ይያዙ።